የዘገየ በረራ ለምን በድንገት ይሰረዛል? የአብራሪዎች የሥራ ሰዓት ገደብ ከተጓዡ ዓይን

ተጓዦች በመሳፈሪያው በር አጠገብ አራት ሰዓት ያህል ጠብቀዋል። ዝናቡ አባርቷል። አውሮፕላኑ ከመስታወቱ ማዶ ቆሞ ይታያል፣ ሻንጣው ተጭኗል፣ አብራሪዎቹም ቦታቸው ላይ ናቸው። በሰሌዳው ላይ ያለው የመነሻ ሰዓት ሦስት አራት ጊዜ ተገፍቶ አሁን የቀረው ጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያ በድንገት «ተሰርዟል» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ምክንያቱ ሲጠየቅ ሠራተኛዋ «የበረራ ሠራተኞቹ ሰዓታቸው አልቋል» ትላለች።

ብዙ ሰው ይህን መልስ አያምንም። «አራት ሰዓት ስንጠብቅ ሰዓት ነበራቸው፣ ልንነሳ ስንል አለቀባቸው?» ብሎ ይጠይቃል። አየር መንገዱ ወጪ ሊቆጥብ ፈልጎ ነው ብሎ የሚያስብም አለ። መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ለማመን የሚያስቸግረው ተጓዡና አየር መንገዱ የሚያዩት ሰዓት የተለያየ ስለሆነ ነው። ተጓዡ የሚያየው የመነሻ ሰዓትን ሲሆን፣ ሕጉ የሚቆጥረው ደግሞ አብራሪው ጠዋት ወይም ቀትር ላይ ሥራ ከገባበት ደቂቃ አንስቶ አውሮፕላኑ መድረሻው ላይ እስከሚቆምበት ደቂቃ ድረስ ያለውን ጊዜ ነው።

ይህ ጽሑፍ የአሜሪካን ሕግ መሠረት አድርጎ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳል። ከሲያትል፣ ከሚኒያፖሊስ ወይም ከዴንቨር ተነስተው በዋሽንግተን በኩል ወደ አዲስ አበባ ለዘመድ ጥየቃ የሚጓዙ ወገኖቻችን አገር ውስጥ በሚያደርጉት በረራ የሚገጥማቸው ይኸው ሕግ ነው።

ሕጉ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 2009 ምሽት ከኒውአርክ ወደ ባፋሎ ይበር የነበረው የኮልጋን ኤር በረራ ቁጥር 3407 ለማረፍ ሲቃረብ ወድቆ ተከሰከሰ። በውስጡ የነበሩት 49 ሰዎችና መሬት ላይ በመኖሪያ ቤቱ የነበረ አንድ ሰው ሞቱ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ ዋናው ምክንያት የካፒቴኑ የተሳሳተ እርምጃ መሆኑን ገልጿል። ከዚህ ጋር ሁለቱም አብራሪዎች በድካም ሳይጎዱ እንዳልቀሩ፣ ድካሙ ምን ያህል ድርሻ እንደነበረው ግን በትክክል መለካት እንደማይቻል አመልክቷል። ረዳት አብራሪዋ ሌሊቱን ከሲያትል ተነስታ በሌላ አውሮፕላን ተሳፍራ ነበር ወደ ሥራ ቦታዋ የመጣችው። ካፒቴኑም ያለፈውን ሌሊት ያሳለፈው በኒውአርክ የሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ነበር።

የሟቾቹ ቤተሰቦች ባደረጉት ያልተቋረጠ ግፊት ኮንግረሱ በ2010 ሕግ አወጣ። በዚያ ሕግ መሠረት የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር (ኤፍኤኤ) ያዘጋጀው አዲስ ደንብ ከጥር 4 ቀን 2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመንገደኛ አየር መንገዶች ላይ ተግባራዊ ሆነ። ዛሬ በረራዎን የሚያሰርዘው ሰዓት የሚቆጠረው በዚህ ደንብ ነው።

ሰዓቱ መቼ ይጀምራል? መቼስ ያበቃል?

ደንቡ «የበረራ ሥራ ጊዜ» የሚለው ነገር የሚጀምረው አብራሪው ለሥራ እንዲገኝ በታዘዘበት ሰዓት ነው። ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው በረራ አንድ ሰዓት ገደማ ይቀድማል። የሚያበቃው ደግሞ የቀኑ የመጨረሻ በረራ ተጠናቆ አውሮፕላኑ በር ላይ ሲቆም ነው። በመካከል ያለው ሁሉ ይቆጠራል። በአየር ላይ ያለው ጊዜ፣ በሁለት በረራዎች መካከል ያለው ዕረፍት፣ ዝናብ እስኪያባራ መሬት ላይ ቁጭ ተብሎ የሚያልፈው ሰዓትም አይቀነስም። አብራሪው አንድም ደቂቃ ሳይበር ሰዓቱ ሊያልቅበት ይችላል ማለት ነው።

ገደቡ ለሁሉም ቀን አንድ ዓይነት አይደለም። ሁለት አብራሪዎች ብቻ ላሉት አውሮፕላን፣ በቀኑ አንድ ወይም ሁለት በረራ ብቻ ካለ፣ ከጠዋቱ 7:00 እስከ 11:59 ባለው ጊዜ ሥራ የገባ አብራሪ እስከ 14 ሰዓት መሥራት ይፈቀድለታል። ከ13:00 እስከ 21:59 ባለው ጊዜ የገባ ግን 12 ሰዓት ብቻ ነው ያለው። ከእኩለ ሌሊት እስከ 3:59 የገባ ደግሞ 9 ሰዓት ብቻ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ሰዓቶች በሙሉ ቲኬት ላይ እንደሚጻፉት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ናቸው፤ 13:00 ማለት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት ነው።) ሌሊት ሰውነት እንቅልፍ ስለሚፈልግ ነው ልዩነቱ የመጣው። በቀኑ የሚበረሩት በረራዎች ሲበዙም ገደቡ ያጥራል።

ከዚህ የሚከተለው ቁልፍ ነገር የመጨረሻው ገደብ በመድረሻው ላይ የተቀመጠ መሆኑ ነው። አየር መንገዱ ከዚያ ገደብ የበረራውን ርዝመት ቀንሶ ወደ ኋላ ይቆጥርና አውሮፕላኑ «ከዚህ ሰዓት በኋላ መነሳት አይችልም» የሚለውን ደቂቃ ያገኛል። ያ ደቂቃ በተጓዡ ሰሌዳ ላይ አይጻፍም።

አንድ ምሽት በቁጥር

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሰዓቶቹ ሁሉ በዋሽንግተን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት አብራሪዎች አትላንታ ላይ በ13:00 ሥራ ገቡ። ከአትላንታ በ14:00 ተነስተው በ15:45 ዋሽንግተን ደረሱ። ቀጣዩ ሥራቸው ተጓዦችን በ17:30 ይዘው ወደ ሲያትል መብረር ነው። ይህ በረራ ከበር እስከ በር 6 ሰዓት ይፈጃል ተብሎ ታቅዷል፤ ከዚህ ውስጥ 20 ደቂቃው ከበሩ እስከ መንደርደሪያው ለመጓዝ የተያዘ ነው። ስለዚህ በዕቅዱ መሠረት በ23:30 ይደርሳሉ።

በ13:00 ስለገቡና በረራዎቹ ሁለት ስለሆኑ ገደባቸው 12 ሰዓት ነው። ማለትም አውሮፕላኑ ሲያትል ላይ በ1:00 ቆሞ መገኘት አለበት። ከ1:00 ላይ 6 ሰዓት ስንቀንስ 19:00 ይሆናል። ተጓዡ «17:30 ነው የምንነሳው» ብሎ ሲቀመጥ፣ በዚህ በረራ ውስጥ ያለው መጠባበቂያ ከመጀመሪያውም አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነበር።

በ16:30 ከባድ ነጎድጓድና ዝናብ መጣና አውሮፕላን ማረፊያው መነሻ በረራዎችን አቆመ። ሰሌዳው መጀመሪያ 18:30፣ ቀጥሎ 19:15 አለ። ይህ ሁለተኛው ለውጥ ለተጓዡ የ45 ደቂቃ ተጨማሪ መዘግየት ብቻ ነው። ለአየር መንገዱ ግን ትልቅ መስመር ታልፏል፤ በመደበኛው ገደብ ይህ በረራ ከእንግዲህ አይቻልም።

ደንቡ እዚህ ላይ አንድ መውጫ ይሰጣል። አየሩ በድንገት እንደ መበላሸቱ ዓይነት ያልታሰበ ነገር ሲያጋጥም፣ ካፒቴኑና አየር መንገዱ ሁለቱም ከተስማሙ ገደቡን እስከ 2 ሰዓት ማራዘም ይቻላል። ሆኖም ከ30 ደቂቃ በላይ የሆነ ማራዘሚያ አንድ ጊዜ ከተወሰደ፣ አብራሪው ለተከታታይ 30 ሰዓት ካላረፈ በስተቀር ሁለተኛ ጊዜ አይፈቀድም። ትናንት ወይም ከትናንት ወዲያ ይህን ዕድል የተጠቀመ አብራሪ ዛሬ የለውም ማለት ነው። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ አብራሪ ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ለሥራ ብቁ መሆኑን በራሱ ማረጋገጥ አለበት። ደክሞኛል ካለ አይበርም፤ አየር መንገዱም እንዲበር ሊያደርገው አይችልም።

በምሳሌያችን ካፒቴኑ ተስማማ፤ ረዳቱም ብቁ ነኝ አለ። አዲሱ የመጨረሻ ገደብ 3:00 ሆነ፤ አውሮፕላኑም ከበሩ መነሳት ያለበት ቢዘገይ በ21:00፣ መሬት መልቀቅ ያለበት ደግሞ በ21:20 ነው።

በ20:00 ዝናቡ አባራ። ተጓዦች በ20:15 መግባት ጀመሩ፣ በሩ በ20:40 ተዘጋ፣ አውሮፕላኑም በ20:50 ከበሩ ተነሳ። ሁሉም ሰው ተገላገልን አለ። ግን ከዝናቡ በኋላ ለመነሳት የሚፈልገው አውሮፕላን እነርሱ ብቻ አልነበሩም። በ21:10 ከፊታቸው ሰባት አውሮፕላኖች አሉ፤ ተራው የሚደርሳቸው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። ካፒቴኑ አሰላ፦ በ21:40 ቢነሱ የሚደርሱት በ3:20 ነው። ሃያ ደቂቃ አለፈ። ስለዚህ አውሮፕላኑን አዙሮ ወደ በሩ ተመለሰ፤ በ21:35 ሰሌዳው «ተሰርዟል» አለ።

አንባቢ «ሃያ ደቂቃ ምን አላት?» ሊል ይችላል። ደንቡ ግን አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት በገደቡ ውስጥ እንደሚደርስ መታሰብ አለበት ይላል፤ ሃያ ደቂቃም ሆነ ሁለት ደቂቃ ለውጥ የለውም። በአንጻሩ አውሮፕላኑ በ21:19 ቢነሳና አየር ላይ ኃይለኛ ነፋስ አጋጥሞት ሩብ ሰዓት ቢዘገይ ኖሮ ሕገ ወጥ አይሆንም ነበር። ከተነሱ በኋላ የሚመጣ ያልታሰበ መዘግየት ከሆነ መድረሻቸው ድረስ ሄደው እንዲያርፉ ደንቡ ይፈቅዳል። አብራሪ በሰማይ ላይ ሰዓቱ ስላለቀ አይመለስም። ፍርዱ የሚሰጠው መሬት ላይ ነው፤ መዘግየቱ «ተጨማሪ ሃያ ደቂቃ» ከመሆን ይልቅ በአንድ ጊዜ «ነገ» የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላ አብራሪ ለምን አይመጣም?

ቀጣዩ ጥያቄ ይህ ነው። አየር መንገዶች ተጠባባቂ አብራሪዎች አሏቸው። ሆኖም ተጠባባቂዎቹ በየከተማው የሉም፤ የሚገኙት አየር መንገዱ የሠራተኞች መደብ ባደረጋቸው ጥቂት ከተሞች ነው። በምሳሌያችን አብራሪዎቹ የአትላንታ ናቸው። አየር መንገዱ በዋሽንግተን መደብ ከሌለው ተጠባባቂውን ከአትላንታ ማምጣት አለበት። ተጠባባቂው ከቤቱ ተጠርቶ አውሮፕላን ማረፊያ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰዓት ገደማ ይሰጠዋል፤ በረራው ደግሞ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። የሚያመጣው አውሮፕላንም በዚያው ዝናብ ሊቆም ይችላል። ተሳፍሮ የመጣበት ጊዜም ከራሱ የሥራ ሰዓት ላይ ይቆጠራል።

የአውሮፕላኑ ዓይነትም ይወስናል። በአዳራሹ ውስጥ የደንብ ልብስ የለበሱ ብዙ አብራሪዎችን አይተው «እነዚህስ?» ሊሉ ይችላሉ። የቦይንግ 737 አብራሪ ኤርባስ 320ን ማብረር አይፈቀድለትም፤ ፈቃዱ ለየዓይነቱ ነው።

የበረራ አስተናጋጆችም የራሳቸው ገደብ አላቸው፤ መደበኛው 14 ሰዓት ነው። አብራሪዎቹ ሰዓት ቢኖራቸውም የአስተናጋጆቹ ቁጥር ሕጉ ከሚጠይቀው በታች ከሆነ አውሮፕላኑ ተጓዥ ይዞ አይነሳም።

በረራው አንዴ ከተሰረዘ በኋላ ያው ሠራተኛ ቶሎ አይመለስም። አብራሪው ቀጣዩን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ ተከታታይ 10 ሰዓት ማረፍ አለበት፤ በውስጡም ያልተቋረጠ 8 ሰዓት የመተኛ ዕድል መኖር አለበት። በ21:45 የተለቀቀ አብራሪ ቢቀድም ሥራ የሚገባው በማግስቱ 7:45 ነው፤ አውሮፕላኑም ሊነሳ የሚችለው ወደ 8:45 ገደማ ነው። በሰሌዳው ላይ «ነገ ጠዋት» የሚል አዲስ ሰዓት ሲመጣ የሌሊቱ ርዝመት የተወሰነው በዚህ ስሌት ነው።

ይህ በአንድ በረራ ላይ ሳይሆን በመቶዎች ላይ በአንድ ጊዜ ሲደርስ ምን እንደሚሆን በታኅሣሥ 2022 (እ.ኤ.አ.) ታይቷል። በገና ሰሞን የመጣው የበረዶ ማዕበል ብዙ አየር መንገዶችን ቢመታም አብዛኞቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተመለሱ። ሳውዝዌስት ግን ማዕበሉ ካለፈ በኋላም በረራ መሰረዙን ቀጠለ። አብራሪዎቹና አስተናጋጆቹ የት እንዳሉና ስንት ሰዓት እንደቀራቸው የሚከታተለው የምደባ አሠራር ለውጡን መከተል አቅቶት ነበር። ወደ 16,900 የሚጠጉ በረራዎች ተሰርዘው ከሁለት ሚሊዮን በላይ ተጓዦች ተጉላልተዋል፤ የትራንስፖርት ሚኒስቴሩም በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ በአየር መንገዱ ላይ የ140 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ጥሏል።

ረጅም በረራዎችስ?

ከዋሽንግተን አዲስ አበባ የሚደረገው በረራ 13 ሰዓት ገደማ ነው፤ ሁለት አብራሪዎች ብቻቸውን ሊሠሩት አይችሉም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ በረራ ተጨማሪ አብራሪዎች ይሳፈራሉ፤ በተራ እየተኙ ይበራሉ። በአሜሪካ ደንብ አራት አብራሪዎችና ጥሩ የመኝታ ቦታ ካለ የሥራ ጊዜው እስከ 19 ሰዓት ሊደርስ ይችላል። እያንዳንዱ አየር መንገድ የሚተዳደረው በአገሩ የሲቪል አቪዬሽን ደንብ ስለሆነ ቁጥሩ ይለያያል፤ መርሁ ግን ያው ነው። ልዩነቱ በውጭ አገር ከተማ ሰዓቱ ካለቀ የሚተካ ሠራተኛ በቅርብ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ የረጅም በረራ መሰረዝ ብዙ ጊዜ ሙሉ ሌሊት ያህል ይወስዳል።

ከአውሮፓ ለሚነሱት ደግሞ የአውሮፓ አየር መንገዶች ደንብ በአንድ ወይም ሁለት በረራ፣ ከ6:00 እስከ 13:29 ለገባ አብራሪ 13 ሰዓት፣ ከ17:00 እስከ 4:59 ለገባ 11 ሰዓት ይፈቅዳል። ካፒቴኑ በራሱ ውሳኔ እስከ 2 ሰዓት ሊያራዝም ይችላል።

ተጓዡ አስቀድሞ እንዴት ያውቃል?

የመጀመሪያው ምልክት የመዘግየቱ ብዛት ሳይሆን ሠራተኞቹ ከየት እንደመጡ ነው። በረራዎ የማታ ከሆነ፣ አብራሪዎቹም ከሌላ ከተማ ቀድመው በርረው የመጡ ከሆነ መጠባበቂያው አጭር ነው። የጠዋት የመጀመሪያ በረራ ላይ ያሉ ሠራተኞች ግን አብዛኛውን ጊዜ አርፈው ነው የሚገቡት፤ ሰዓታቸው ገና አልተነካም። የማያመልጥ ተያያዥ በረራ ያለው ሰው የጠዋቱን እንዲመርጥ የሚመከረው በዚህ ነው።

ሁለተኛው ምልክት ማስታወቂያው ሲለወጥ ነው። «አየሩ» ይባል የነበረው «ሠራተኞቹን እየጠበቅን ነው» ወይም «ከምደባ ክፍል መልስ እየጠበቅን ነው» ወደሚል ከተለወጠ ስሌቱ ተጀምሯል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ በሩ ላይ ያለችውን ሠራተኛ በትሕትና «ይህ ሠራተኛ ቢዘገይ እስከ ስንት ሰዓት መነሳት ይችላል?» ብሎ መጠየቅ ከሁሉም ጥያቄ ይበልጣል። ብዙ ጊዜ መልሱን ታውቀዋለች ወይም ጠይቃ ትነግርዎታለች። የተነገረዎት ሰዓት ከተቃረበና በሩ ገና ካልተዘጋ፣ ተሰርዟል እስኪባል ሳይጠብቁ በስልክ መተግበሪያው ወይም ደውለው ሌላ በረራ ላይ ቦታ እንዳለ ያረጋግጡ። ከተሰረዘ በኋላ መቶ ሰባ ሰው የሚፈልገው እነዚያኑ ጥቂት ወንበሮች ነው።

ሦስተኛው ነገር ምክንያቱን በጽሑፍ መጠየቅ ነው። በአሜሪካ በረራዎ ተሰርዞ አየር መንገዱ የሚሰጥዎትን አማራጭ ካልተቀበሉ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ላልተጠቀሙበት ቲኬት ገንዘብዎ በከፈሉበት መንገድ ሊመለስ ይገባል፤ ቫውቸር ብቻ እንዲቀበሉ አይገደዱም። ሆቴልና ምግብ ግን የተለየ ነው። ትልልቆቹ አየር መንገዶች ይህን ለመስጠት ቃል የገቡት ችግሩ በእነርሱ ቁጥጥር ሥር ሲሆን ነው። ሠራተኛው ሰዓቱ ያለቀበት በዝናብ ምክንያት ከሆነ «አየሩ ነው» ሊሉ ይችላሉ፤ በምደባ ጉድለት ከሆነ ግን የእነርሱ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት አገር ለሚነሳ በረራ ምግብና ሆቴል የማቅረብ ግዴታው ምክንያቱ አየር ቢሆንም አይቀርም።

በምሳሌያችን ያሉት ተጓዦች በ17:30 «የመጨረሻው ሰዓት ስንት ነው?» ብለው ቢጠይቁ መልሱ 19:00 ነበር፤ በ19:15 ቢጠይቁ 21:00 ይባሉ ነበር። ዝናቡ በ20:00 ሲያባራ ሌሊቱን ዋሽንግተን ሊያድሩ እንደሚችሉ ለመገመት፣ ለቤተሰብ ለመደወልና የጠዋቱን ወንበር ለመያዝ አንድ ሰዓት ነበራቸው።